ከቁጥሩ ጎን ያለችው L፦ በስልክ ፎቶ የመጣን የሲቢሲ ውጤት ለማንበብ

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው፤ ደም መቅዳት፣ ማሽን ላይ መጫን፣ መስታወት መቀባት። ሐኪም አይደለሁም ብዬ ስንት ጊዜ ብናገርም ብሎካችን ውስጥ የደም ውጤት ያወጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፎቶውን ወደ እኔ ይልካል። በዚህ ክረምት አንድ ማታ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ልጅ በቴሌግራም እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ በዚህ ሰዓት። እማዬ ድካም ስለበዛባት ዛሬ ክሊኒክ ሄዳ ነበር። ፕላትሌትሽ በጣም ወርዷል አሏት። ኢንተርኔት ላይ ሳይ የደም ካንሰር ይላል። እሷ ጋ አላወራሁም፤ ግን እሷም አልተኛችም።»

ከሥሩ ፎቶ አለ። ግማሹን አውራ ጣቱ ሸፍኖታል፣ ግማሹን የአምፖሉ ጥላ። የሚነበበው PLT፣ 58 እና L ብቻ ነው።

ያን ማታ ወረቀቱን አብረን እንዴት እንዳነበብነው በቅደም ተከተል ልጻፈው። ስለ ሁሉም የደም ምርመራ አላወራም። ሲቢሲ ስለሚባለው፣ ማለትም የደም ሴሎች ቆጠራ ብቻ ነው። ሰፈር ውስጥ ያለ ትንሽ ክሊኒክ ሁሉ የሚሠራው፣ ሰውንም በብዛት የሚያስደነግጠው እሱ ነው።

1. ከወረቀቱ በፊት ሰውየውን ጠይቁ

ለልጁ መጀመሪያ የመለስኩለት ስለ ቁጥሩ አልነበረም። «እማዬን እነዚህን ጠይቃትና ንገረኝ» አልኩት። ድዷ ይደማል? ነስር አለ? የወር አበባዋ ከወትሮው በጣም በዝቷል? ሰገራዋ ጠቁሯል? ሳትመታ የበለዘ ቦታ አለ? እግሯ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያነሱ፣ ሲጫኗቸው የማይጠፉ ቀያይ ነጠብጣቦችስ? ትኩሳት አላት? ሰሞኑን ቆላ ደርሳ መጥታለች? እርጉዝ ናት?

ፕላትሌት ደምን የሚያረጋ ትንሽ ቁራጭ ሴል ነው። በእውነት በጣም ካነሰ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ይናገራል። ከእነዚህ መልሶች አንዱ «አዎ» ቢሆን ኖሮ ፎቶውን አጉልቼ አላይም ነበር። ተነሡና ሆስፒታል ሂዱ እላቸው ነበር። የሚደማ ሰው ፕላትሌቱ አንሷል ከተባለ በዚያው ሌሊት ይታያል። እርጉዝ ሆና ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከጎድን አጥንቷ ሥር ሕመም ያለባት ሴትም እንደዚያው፤ ይህ የእርግዝና የደም ግፊት ጉበትና ደም ላይ መድረሱን ሊያሳይ ይችላል። ትኩሳት ያለው፣ ከመተሐራ ወይም ከጋምቤላ የተመለሰ ሰው ደግሞ የወባ ምርመራ ለነገ አይባልለትም። ወባ ፕላትሌትን ያወርዳል። አዲስ አበባ ዙሪያ ከፍታው ስለሚከለክለን ወባን እንረሳታለን እንጂ አውቶቡሱ ይዞልን ይመጣል።

ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን ነገርም ከዚሁ ጋር ይሂድ። HGB ከ7 በታች ከሆነ፣ ወይም ከዚያ በላይም ሆኖ ሰውየው ደረቱን ካመመው፣ ተቀምጦ ካለከለከ ወይም ራሱን ከሳተ፣ የወረቀት ንባብ ይቆማል።

የጎረቤቴ መልስ ሁሉም «የለም» ሆነ። ያላት ድካም ነው፤ እሱም ከወር በላይ የቆየ። ይህ ጥሩ ምልክት ነበር። ሌሊቱን መታገስ እንችላለን ማለት ነው።

2. ፎቶውን እንደገና አንሡ

ከትንሽ ማሽን የሚወጣው ወረቀት እንደ ሱቅ ደረሰኝ ያለ፣ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ነው። ያንጸባርቃል። ስለዚህ ፍላሽ አጥፉ። ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ አራቱም ማዕዘን ይግባ። ቀን ከሆነ መስኮት አጠገብ ይሻላል። አንሥታችሁ ስትጨርሱ አጉልታችሁ ነጥቦቹን ፈልጉ። 4.6 ነጥቡ ካልታየ 46 ነው፤ ነጭ የደም ሴል 4.6 እና 46 ደግሞ አንድ ዓይነት ወሬ አይደለም።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን `File` በሚለው በኩል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑን ይቀንሰዋል፤ ጥቃቅኖቹ ፊደሎች ይደበዝዛሉ። ደግሞም የታችኛውን ክፍል አትቁረጡ። እነዚያ ሦስት ጉብታ የሚመስሉ ሥዕሎችና ከሥራቸው ያለው አጭር ጽሑፍ ጌጥ አይደሉም። ወደ ጽሑፉ እንመለሳለን።

ወረቀቱ ከሙቀትና ከፀሐይ ጋር አይዋደድም፤ በወራት ውስጥ ይነጣል። ፎቶ ማንሣቱ ለዚህም ይጠቅማል። አንድ አባት ውጤታቸው እንዳይበላሽ ብለው ላሚኔት አስደርገው አምጥተውልኛል። የላሚኔቱ ሙቀት ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አጥቁሮት ነበር። እሳቸውም እኔም ሳቅን፤ ደሙን ግን እንደገና መስጠት ነበረባቸው።

3. የማን ወረቀት ነው?

ይህን የሚዘልል ሰው ብዙ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀን። ወረፋ በበዛበት ቀን ማሽኑ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍና ስሙ በእስክሪብቶ ይጨመራል። ዕድሜና ጾታው ባዶ ከሆነ ማሽኑ ሰውየውን አያውቀውም ማለት ነው፤ ለሁሉም አንድ ወሰን ይሰጣል። ቀኑንም በጥርጣሬ እዩት። መብራት ሄዶ ሲመጣ የማሽኑ ሰዓት ሲሳሳት አይቻለሁ። ደግሞም አንዱ ክሊኒክ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል፤ የዘንድሮው የአምና ሊመስል ይችላል።

እኔ ጋ የመጣው ሁለተኛው ፎቶ ጥርት ያለ ነበር። ስሟ በእጅ ተጽፏል። ዕድሜና ጾታ ባዶ።

4. መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡ

በአብዛኛው የምታገኙት እንዲህ ነው፦ የሚለካው ነገር ምህጻረ ቃል፣ ውጤቱ፣ ምልክቱ፣ መለኪያው፣ መጨረሻ ላይ ወሰኑ። የጎረቤቴ ወረቀት ዋና ዋናዎቹ መስመሮች እነዚህ ነበሩ።

```
WBC    4.6        10^9/L   4.0-10.0
Lym%   52    H    %        20.0-40.0
Gran%  38    L    %        50.0-70.0
Gran#  1.7   L    10^9/L   2.0-7.0
HGB    13.4       g/dL     11.0-16.0
PLT    58    L    10^9/L   100-300
```

H ማለት ከወሰኑ በላይ፣ L ማለት ከወሰኑ በታች ነው። ሌላ ማሽን + እና − ወይም ቀስት ያደርጋል። በቃ፣ ትርጉሙ ይኸው ነው። «በሽታ» ማለት አይደለም፤ «ከዚህ መስመር ወጥቷል» ማለት ብቻ ነው። ማሽኑ ቁጥሩን ከወሰኑ ጋር ያወዳድራል፣ ፊደል ያትማል፣ ሥራው አለቀ።

`10^9/L` ውስጥ ያለችው L ምልክት አይደለችም፤ ሊትር ናት። ልጁ ሁለተኛውን ፎቶ ሲልክ «ሁሉም L ነው» ያለኝ እሷን ቆጥሮ ነው። 58 ሲባል ደግሞ ሃምሳ ስምንት ፍሬ ሳይሆን በአንዲት ጠብታ ቅንጣት፣ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ፣ 58 ሺህ ማለት ነው። መለኪያውን ሳያዩ ሁለት ወረቀት ማወዳደርም አደጋ አለው። ሄሞግሎቢን በ `g/dL` 13.4 የሆነ ሰው በ `g/L` 134 ይሆናል። ደሙ አልጨመረም፤ መለኪያው ነው የተለወጠው።

5. ወሰኑ ከየት መጣ?

ሰው «ኖርማል ሬንጅ» ሲል ጤናና ሕመምን የሚለይ አጥር ይመስለዋል። አሠራሩ ግን እንዲህ ነው። ጤነኛ የተባሉ ሰዎች ይሰበሰቡና ደማቸው ይለካል። ውጤታቸው ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረደራል። ከዚያ ከታች ከመቶ 2.5፣ ከላይም ከመቶ 2.5 ይቆረጣል። የቀረው 95 ከመቶ ወሰን ተብሎ ይጻፋል። ልብ በሉ፤ የተቆረጡትም ጤነኞች ነበሩ። አንድ ሺህ ጤነኛ ሰው ቢለካ 50ዎቹ ለአንድ መስመር H ወይም L ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ።

የሲቢሲ ወረቀት ደግሞ 20 ገደማ መስመር አለው። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ወረቀት ላይ አንድ ምልክት ማየት አያስገርምም።

ምልክቶቹም ብዙ ጊዜ የአንድ ነገር ጥላ ናቸው። Lym% እና Gran% ሁለቱም የነጭ የደም ሴል ድርሻ ናቸው፤ የቀሩትን ነጭ ሴሎች በአንድ ከሚይዘው Mid% ጋር ተደምረው መቶ ይሆናሉ። አንዱ ከወረደ ሌላው ሳይወድ በግድ ይወጣል። ስለዚህ ከመቶኛው ይልቅ # ያለበትን ቁጥር እዩ። 4.6 ነጭ የደም ሴል፣ 52 ከመቶው ሊምፎሳይት ከሆነ ልኩ 2.4 ነው፤ ይህ ወሰኑ ውስጥ ነው። የጎረቤቴ H ጠፋ ማለት ነው። ሁለት ዓመት የሆነው ሕፃን ላይ Lym% 58 H ካያችሁም አትደንግጡ፤ እስከ አራት አምስት ዓመት ድረስ የልጆች ደም ውስጥ ሊምፎሳይት ይበዛል። ማሽኑ ልጁን እንደ አዋቂ ቆጥሮት ነው።

የቀረው Gran# 1.7 ነው። በብዛት ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሴል ማለት ነው። እዚህ ላይ ስለ እኛ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ልበል። አፍሪካውያንና የአረብ ባሕረ ሰላጤ ሰዎች ዘንድ፣ ኢትዮጵያውያንንም ጨምሮ፣ ኒውትሮፊሉ በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ጤነኛ ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ ዘር ውስጥ ነው፤ ቀይ የደም ሴል ላይ ዳፊ የሚባል ምልክት የሌላቸው ሰዎች ላይ ይታያል። ሴሎቹ አልጠፉም፣ ሰውየውም ከሌላው ሰው በበለጠ በኢንፌክሽን አይጠቃም። ማሽኑ ውስጥ ተጭኖ የመጣው ወሰን ግን ከሌላ አገር ሰው የተለካ ነው። ስለዚህ ትኩሳት የሌለው፣ ደህና የሆነ ሰው 1.7 ወይም 1.3 ቢያወጣ እኔ አልደነግጥም፤ የድሮ ወረቀቱን ጠይቄ ያኔም እንዲሁ መሆኑን አያለሁ። ከ0.5 በታች ከሆነና ትኩሳት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ይህ የዚያው ቀን ጉዳይ ነው።

ከአራቱ ምልክቶች ሦስቱ በዚህ መልኩ ተቀነሱ። ልጁ «እሺ ጋሼ፣ 58ቱስ?» አለኝ። ልክ ነው፣ 58 ከ100 በጣም የራቀ ነው። ለጥቂት ያለፈውንና በእጥፍ ያነሰውን በአንድ ዓይን አናይም።

6. ምልክት የሌለበትንም መስመር እዩ

ወደ 58 ከመሄዴ በፊት እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ምክንያቱም ያላግባብ ከሚያስደነግጥ L ይልቅ ያልታተመ L ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

የHGB ወሰንን ተመልከቱ፤ 11.0 እስከ 16.0። ጾታ ያልተሞላበት ማሽን ለወንዱም ለሴቷም ይህንኑ ያትማል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የደም ማነስ የሚለው ለአዋቂ ወንድ ከ13 በታች፣ እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በታች፣ ለእርጉዝ ደግሞ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሦስት ወር ከ11 በታች፣ በመካከለኛው ከ10.5 በታች ነው። ስለዚህ የ60 ዓመት አባት 11.9 ቢያወጡ ወረቀቱ ላይ ምንም ፊደል የለም። ቤተሰቡ «ኖርማል ነው ተመስገን» ይላል። ሰውየው ግን ደም ማነስ አለባቸው፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ደግሞ ደሙ የት እየፈሰሰ ነው ተብሎ ሆዱና አንጀቱ መታየት አለበት።

ከዚህ ላይ ከፍታ ይጨመራል። እኛ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ሄሞግሎቢን ጨምሮ ያመርታል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ከተለካው ላይ 1.4 ግራም ያህል ተቀንሶ እንዲታይ ይመክራል። እዚህ የምትኖር ሴት 12.4 ብታወጣ ባሕር ዳርቻ ላይ እንዳለች 11.0 ገደማ ትቆጠራለች ማለት ነው። ይህን ቅናሽ ማሽኑ አይሠራውም፤ ሐኪሙ ነው የሚያስበው። የጎረቤቴ 13.4 ሲቀነስለትም ከ12 በታች አልወረደም፤ ድካሟ የደም ማነስ አይመስልም።

በዚሁ ምክንያት ከሌላ ክሊኒክ የወጣ ወረቀት ጋር ፊደሎቹን አታወዳድሩ። አንዱ ማሽን ለፕላትሌት 100 እስከ 300 ይላል፣ ሌላው 150 እስከ 450። 340 ያለው ሰው እዚህ H፣ እዚያ ምንም። ቁጥሩን ነው የምታወዳድሩት።

7. ማሽኑ ራሱ ተጠራጥሮ እንደሆነ ፈልጉ

አሁን ወደ ወረቀቱ ታች። H እና L ስለ ሰውየው ናቸው። ሌላ ዓይነት ምልክት ደግሞ አለ፤ ማሽኑ «ይህን ቁጥር በደንብ አልቆጠርኩትም» የሚልበት። አንዳንዱ ከቁጥሩ ጎን * ያደርጋል፣ አንዳንዱ R፣ አንዳንዱ በቁጥሩ ፈንታ ሰረዞች ያትማል። አንዳንዱ ደግሞ ከሥር በጽሑፍ ይናገራል። የጎረቤቴ ወረቀት ላይ፣ በመጀመሪያው ፎቶ ከልጁ አውራ ጣት ሥር የነበረው ይህ ነው፦

```
PLT clumps?
```

የጥያቄ ምልክቱን እዩት። ማሽኑ ፕላትሌቶቹ ተጓጉለው ይሆን እያለ ነው። ማሽን ሴልን የሚቆጥረው በመጠኑ ነው። አምስት አሥር ፕላትሌት ተጣብቀው በአንድ ላይ ሲያልፉ ትልቅ ነገር ይመስሉታል፤ ፕላትሌት ብሎ አይቆጥራቸውም። ሰውነቷ ውስጥ ያለው አልቀነሰም፤ ቱቦው ውስጥ ነው የተጣበቁት።

ይህ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ተራ ነው። ደም ሥሯ አስቸግሮ ደሙ ቀስ ብሎ ወርዶ እንደሆነ፣ ወይም ቱቦው ከተቀዳ በኋላ ስምንት አሥር ጊዜ ቀስ ተደርጎ ካልተገለባበጠ፣ ደሙ ውስጥ ትንሽ የረጋ ቁራጭ ይፈጠራል። ፕላትሌቱ እዚያ ውስጥ ይቀራል። እንደገና በጥንቃቄ ቢቀዳ ቁጥሩ ይስተካከላል። ሁለተኛው የበለጠ ያታልላል። ሲቢሲ የሚቀዳበት ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ የሚባል ነገር አለ። ጥቂት ሰዎች ላይ ይኸው ነገር ፕላትሌታቸውን ያጣብቀዋል። በሽታ አይደለም። ግን የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢቀዳ፣ በሐምራዊ ቱቦ ሁልጊዜ ዝቅ ይላል።

ለልጁ «58 የሚለውን ገና አላመንኩትም። ነገ ጠዋት እማዬን ይዘህልኝ ና» አልኩት። ካንሰር አይደለም አላልኩትም። ያንን በፎቶ የሚል ሰው ካለ አትመኑት፤ «ነው» የሚለውንም እንደዚያው።

8. ማረጋገጫውን በስሙ ጠይቁ

«ድገሙልኝ» ብቻ ካላችሁ ያው ደም ያው ማሽን ላይ ሊጫን ይችላል። እንዲህ በሉ፦ «አዲስ ደም ተቀድቶ ይሠራልኝ፣ ፕላትሌቱ ደግሞ በስሚር ይታይልኝ።» ስሚር ማለት ጠብታ ደም መስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ገብቶለት፣ በማይክሮስኮፕ በሰው ዓይን ሲታይ ነው። ወባ የሚያይ ላቦራቶሪ ሁሉ ዕቃው አለው።

በማግስቱ የሆነው ይኸውላችሁ። እናትየው መጣች። «ወንድሜ፣ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ አስቸገረህ አይደል?» አለችኝ፤ ፊቷ ግን አልተኛም። ሁለት ቱቦ ቀዳሁ። አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ ሰማያዊ ክዳን ያለው፤ ሰማያዊው ውስጥ ያለው ሲትሬት ነው። ደሙ ያለ ችግር ወረደ። ሐምራዊውን ወዲያው ጫንኩት፤ 139 ወጣ። በእንጨት ዘንግ ቱቦው ውስጥ ፈለግሁ፤ የረጋ ነገር የለም። ሁለት ሰዓት አስቀምጬ ያንኑ ቱቦ ደገምኩት፤ 61። ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ወረደ። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች ነበር፤ ከሰውነቷ ምንም የወጣ ነገር የለም።

ከዚያው ቱቦ መስታወት ቀባሁ። የቀባሁት ደም ጭራው ጋ፣ ቀጭኑ ጫፍ ላይ፣ ፕላትሌቶቹ እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው ተሰብስበዋል። አንዳንዱ ዘለላ ውስጥ ከሃያ በላይ ናቸው። ጭራውን ሳያይ መሃሉን ብቻ የሚያይ ሰው «አዎ፣ አንሷል» ሊል ይችላል፤ ዘለላዎቹ የሚሸሹት ወደ ጫፍ ነው።

ሰማያዊው ቱቦ 171 አለ። ሲትሬቱ ፈሳሽ ስለሆነ ደሙን ያቀጥነዋል፤ አንድ እጅ ፈሳሽ ለዘጠኝ እጅ ደም ነው። ስለዚህ በ1.1 ይባዛል፦

```
171 x 1.1 = 188
```

188 ሺህ። በሁለቱም ማሽን ወሰን ውስጥ ያለ ቁጥር። ስሌቱ የሚሠራው ቱቦው እስከ መስመሩ ከተሞላ ብቻ ነው፤ ግማሽ ከተቀዳ የፈሳሹ ድርሻ ስለሚበዛ ቁጥሩ ያለ አግባብ ይወርዳል። ዘዴውም ሁሌ አይሳካም፤ ጥቂት ሰው ላይ በሲትሬትም ይጣበቃል። ያኔ እንደተቀዳ ሳይቆዩ መቁጠርና በመስታወት መገመት ነው።

ስሚሩ ላይ ዘለላ ባይኖርና ፕላትሌቱ በእውነት ጥቂት ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር። ምንም ሳይደማ 58 የሆነ ሰው በቀናት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ይቀርባል፤ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ይጠየቃሉ፣ ጉበትና ጣፊያው ይታያል፣ የኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ይደረጋል። እውነተኛው ቁጥር ከ20 በታች ከሆነ ግን ባይደማም ያው ቀን ሆስፒታል ነው። ስሚሩ ላይ እንግዳ ነጭ ሴሎች ከታዩም እንዲሁ ሳይውል ሳያድር ነው።

ድካሟን አልረሳነውም። የሲቢሲ ወረቀት መልስ ስላልሰጠ ወደ ሐኪሙ ተመለሰች፤ ታይሮይድና ስኳር ታዘዘላት። እሱ የሌላ ቀን ወረቀት ነው።

9. የተገኘውን ጻፉትና ያዙት

ለእሷ ካርድ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ፕላትሌቷ በኢዲቲኤ ይጓጎላል። በሲትሬት ቱቦ ይቆጠር፣ በስሚር ይረጋገጥ።» ቀኑንና ሁለቱንም ቁጥሮች ከጎኑ አደረግሁ። ካርዱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ፎቶው ልጁ ስልክ ላይ። ነገ ለቀዶ ሕክምና ብትሄድ ሐምራዊው ቱቦ እንደገና 60 ይላል። የማያውቃት ሐኪም ቀጠሮዋን ያራዝማል፣ ወይም የማያስፈልጋትን ደም ያስመጣላታል። ሳምንት ሳይሞላ ልጁ በድጋሚ ጻፈልኝ። አሁን የአጎቱን ወረቀት ነው። አራት ማዕዘኑ ገብቷል፣ በፋይል ነው የላከው፣ ከሥሩም ጽፎበታል፦ «ጋሼ፣ H እና L የለበትም። ግን ወንድ ነው፣ HGB 12.1።»